«ፎቶው ጥርት ያለ ነበር፤ ታዲያ ለምን የተሳሳተ ዕቃ መጣ?» የመለዋወጫ ጥያቄዎችና መልሶች

«እንደምን ሰነበትክ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ ላቫጆ አለኝ። የውኃ ፓምፑ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ሞተር መጮህ ሲጀምር ኩሽኔታውን አስወጣሁና ፎቶ አንስቼ መርካቶ ላለ ነጋዴ በቴሌግራም ላክሁለት። "አውቀዋለሁ" ብሎ በማግስቱ በመኪና ላከልኝ። ሲገጠም ግን ቤቱ ውስጥ ይዋልላል፣ ዘንጉም አልገባበት አለ። መካኒኩ ዘንጉን ቶርኖ ቤት እናስልጠው ይለኛል። ፎቶው እኮ ጥርት ያለ ነበር። ምንድነው የተበላሸው?»

በመጀመሪያ ዘንጉን እንዳታስነካ። ቶርኖ የቆረጠው ብረት ተመልሶ አይመጣም። ዘንጉ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው የመጣው ዕቃ ነው።

አሮጌውን ያነሳህበትን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ኩሽኔታው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፣ ከላይ ቀጥ ተብሎ ተነስቷል፣ ኳሶቹን የሚሸፍነው ቆርቆሮ ሳይቀር በደንብ ይታያል። ጥራት አልጎደለውም። የጎደለው መጠን ነው። ኩሽኔታው ትልቅ ይሁን ትንሽ የሚናገር አንድም ነገር ፎቶው ውስጥ የለም። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ደግሞ በግሪስ ተሸፍኗል።

ካሜራ ቅርብ ያለን ትንሽ ዕቃና ሩቅ ያለን ትልቅ ዕቃ መለየት አይችልም። ከስልኩ 20 ሴንቲ ሜትር የራቀ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ከራቀ የ8 ሴንቲ ሜትር ቀለበት ጋር ፎቶው ላይ እኩል ቦታ ይይዛል። ስልኩ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ካሜራው ምንም ያህል ሜጋፒክሰል ቢኖረው ይሄ አይቀየርም። ፒክሰል ሲጨምር ጭረቱ ይጠራል እንጂ ሚሊ ሜትሩ አይታወቅም።

«ቢያንስ ቅርጹ ያስታውቃል» ትለኝ ይሆናል። ለብዙ ዕቃ ያስታውቃል። ለኩሽኔታ ግን አያስታውቅም፤ ነጋዴህን ያሳሳተውም ይሄው ነው። በትናንሽ ሞተሮችና ፓምፖች ውስጥ አዘውትረን የምናገኛቸውን ሦስት ቁጥሮች ልንገርህ። 6202 የውስጥ ቀዳዳው 15 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 35፣ ውፍረቱ 11 ነው። 6203 ደግሞ 17፣ 40 እና 12። 6204 ደግሞ 20፣ 47 እና 14። አሁን የውጭውን ስፋት ለውስጡ አካፍለው። ለመጀመሪያው 2.33 ይመጣል፣ ለሁለተኛው 2.35፣ ለሦስተኛውም 2.35። ውፍረቱን ለውጭው ስፋት ብታካፍለው ደግሞ ሦስቱም 0.3 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱን ለየብቻ አንስተህ ፎቶዎቹን እኩል ብታደርጋቸው ትልቁን ከትንሹ የሚለይ ዓይን የለም። ሠላሳ ዓመት ኩሽኔታ የሸጠ ሰውም ቢሆን ይገምታል እንጂ አያውቅም።

አንተ ጋ የሆነውንም ከዚሁ መረዳት ይቻላል። በዚያ መጠን ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ሞተር ላይ 6204 የተለመደ ነው። የመጣልህን ስታየው ቁጥሩ 6203 ነው ብለኸኛል። የ20 ሚሊ ሜትር ዘንግ 17 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። 47 ሚሊ ሜትር ሆኖ በተቦረቦረ ቤት ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር ዕቃ ሲቀመጥ ዙሪያውን ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ክፍት ይቀራል። የሚዋልለውም ዘንጉ አልገባ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ቢሆንም እኔም በግምት አልጨርስልህ፤ አሮጌውን ከመጣሉ በፊት ቁጥሩን አንብበው።

ቁጥሩ የሚገኘው በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ተቀርጾ፣ ወይም በቆርቆሮው አለዚያም በጎማው ሽፋን ላይ ነው። በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ግሪሱን ጥረግ። ከዚያ ነጭ ጠመኔ ላዩ ላይ እሸውና በጣትህ በቀስታ ጥረገው። ጠመኔው ቅርጹ ውስጥ ይቀራል፣ ቁጥሩም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ፍላሽ አትጠቀም። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ፍላሽ ሲያርፍ ነጭ ብልጭታ ይሆንና ፊደሉን ይውጠዋል። ይልቅ ሌላ ሰው በሁለተኛ ስልክ ከጎን፣ ወደ ብረቱ አጋድሞ ያብራልህ። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ጎድጓዳው ጥላ ይይዛል፣ ያኔ ይነበባል።

አነባበቡም ቀላል ነው። መጨረሻ ያሉትን ሁለት አሃዞች በ5 ስታባዛ የውስጥ ቀዳዳው ይመጣል። 04 ማለት 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ 05 ማለት 25። ከ04 በታች ያሉት ግን ደንቡን አይከተሉም፤ 00 አስር ነው፣ 01 አሥራ ሁለት፣ 02 አሥራ አምስት፣ 03 አሥራ ሰባት። ፊት ያለው 62 የውፍረቱንና የውጭ ስፋቱን ቤተሰብ ይናገራል። ለምሳሌ 6004 የውስጥ ቀዳዳው እንደ 6204 ሃያ ነው፤ የውጭ ስፋቱ ግን 42፣ ውፍረቱ 12 ነው። ስለዚህ «ቀዳዳው 20 ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉትን ፊደሎችም አትዝለላቸው። «ዜድ ዜድ» በሁለቱም ጎን ቆርቆሮ ሽፋን አለው ማለት ነው፤ «ቱ አር ኤስ» ደግሞ ጎማ። ላቫጆ ውኃና ሳሙና የሚረጭበት ቦታ ስለሆነ እኔ ብሆን የጎማውን እመርጣለሁ። «ሲ3» የሚል ካየህ ደግሞ ኳሶቹ ውስጥ ያላቸው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው፤ ሲሠሩ ለሚግሉ ሞተሮች ይመረጣል። ሲ3 ያለውና የሌለው በውጭ ልካቸው አንድ ናቸው። ማስመሪያ ብታስቀምጥም፣ ከየትኛውም ጎን ብታነሳም ፎቶ ሊለያቸው አይችልም። ጽሑፉን ማንበብ ብቻ ነው መፍትሔው።

«ባለፈው ምክርህን ሰምቼ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጬ አነሳሁ። ፎቶው ላይ ስቆጥር የኩሽኔታው ስፋት 50 ሚሊ ሜትር አለፍ ይላል። ሱቅ ሄጄ በካሊፐር ሲለካ ግን 47 ሆነ። ማስመሪያው ነው ወይስ እኔ?» (ከሞጆ)

ሁለታችሁም ደህና ናችሁ። ልዩነቱን ያመጣው ከፍታ ነው።

ማስመሪያው ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። የኩሽኔታው የላይኛው ፊት ግን ከጠረጴዛው 14 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ካሜራው ቀርቧል። የቀረበ ነገር ደግሞ ገዝፎ ይታያል። ምን ያህል? ከላክሽልኝ ፎቶ እንደገመትሁት ስልኩን ከጠረጴዛው 20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 200 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ነው የያዝሽው። የኩሽኔታው ፊት ከካሜራው የሚርቀው እንግዲህ 186 ሚሊ ሜትር ነው። 200ን ለ186 ስናካፍል 1.075 ይመጣል። 47 ሲባዛ በ1.075 ደግሞ 50 ተኩል። ያየሽው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ለጠረጴዛ እግር ምንም አይደለም። ለኩሽኔታ ግን ወደ ሌላ ቁጥር ያሻግራል። 52 ሚሊ ሜትር የሆነው 6205 አለና አንድ ሰው 50 ተኩልን አይቶ «ትንሽ ተሳስታ ነው፣ 52 ይሆናል» ብሎ ሊልክልሽ ይችል ነበር።

መላው ቀላል ነው። ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ኩሽኔታው ላይ አጋድሚው፤ የሚለካው ፊትና የሚለካበት ነገር እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። ያ ካልተመቸ ራቅ በይና ዙም አድርጊ። ከአንድ ሜትር ላይ ብታነሺው ያው የ14 ሚሊ ሜትር ከፍታ የሚያመጣው ስህተት አንድ ተኩል በመቶ እንኳ አይሞላም፤ 47 የነበረው 47.7 ሆኖ ቢታይ ነው። ብዙ ሰው ጥርት እንዲል ብሎ ስልኩን ዕቃው ላይ ሊያሳርፈው ይደርሳል። ለጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ለልክ ግን መጥፎ ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶ ለሁለቱም አይበቃም፤ ለየብቻ አንሺ።

ሌላው ማዘንበል ነው። ስልኩ ቀጥ ብሎ ከላይ ካላየ ክቡ ዕቃ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል። 30 ዲግሪ ያህል ካዘነበልሽ የ47ቱ ክብ በአንደኛው አቅጣጫ 41 መስሎ ይጠባል። 40 የሆነው 6203 ነው ብሎ ለማሰብ በቂ ነው። እንቁላል ሆኖ ከታየሽ ረጅሙን አቅጣጫ ለኪ፤ እሱ ለእውነተኛው ይቀርባል።

ማስመሪያ ባይኖርስ ብለሽም ጠይቀሻል። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዕቃውን እሱ ላይ አስቀምጠሽ አራቱም ማዕዘን እንዲታይ አድርገሽ ከራቅ ብለሽ አንሺ። የኤቲኤም ካርድ መጠኑ በዓለም ዙሪያ አንድ ስለሆነ ለልክ ጥሩ ነበር። ነገር ግን የካርድሽን ቁጥር ለማታውቂው ሰው መላክ ይሆናልና እባክሽ አታድርጊው።

«ጎግል ሌንስ ላይ ፎቶውን ሳስገባ በሰከንድ ውስጥ "ይሄ ነው" ብሎ ከነዋጋው ያሳየኛል። እሱን አምኜ ብገዛ ምን ችግር አለው?»

ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ለማወቅ ተጠቀምበት። ስሙን የማታውቀው ዕቃ እጅህ ላይ ካለ «ኩሽኔታ ነው»፣ «የፓምፕ ሲል ነው» ብሎ ይጠቁምሃል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። የትኛው ቁጥር እንደሆነ ሲነግርህ ግን ተጠንቀቅ።

እንዲህ ያለ የምስል ፍለጋ የሚሠራው ያንተን ፎቶ ከሌሎች ፎቶዎች ጋር በመልክ እያመሳሰለ ነው። ፎቶው የያዘውን ነው የሚያየው፤ ፎቶው ሚሊ ሜትር ካልያዘ እሱም አያውቅም። ምስል የሚለዩ ብዙ ሥርዓቶች ደግሞ ፎቶውን አሳንሰው ነው የሚመለከቱት፤ 224 በ224 ነጥብ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ልክ ነው። አራት ሺህ ነጥብ ስፋት ያለው ፎቶህ ወደዚያ ሲወርድ ጠርዝ ላይ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ትጠፋለች። ሌንስ ጽሑፍም ያነባል፤ ግን ጽሑፉ ጎልቶ ሲታየው ነው። ስለዚህ ሙሉ ዕቃውን ከማሳየት ይልቅ የጠመኔውን ቁጥር ብቻ አቅርበህ አንስተህ አስገባው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ በውጤቱ የሚመጡት ፎቶዎች ናቸው። የመስመር ላይ ሻጮች ብዙ ጊዜ አንድ የኩሽኔታ ፎቶ አንስተው ከ6200 ጀምሮ ላለው ቁጥር ሁሉ ያንኑ ይለጥፋሉ። ያንተ ፎቶ ከዚያ ጋር «ፍጹም ተመሳሰለ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከሥሩ የተጻፈው ቁጥር ሻጩ የጻፈው እንጂ ፎቶው የተናገረው አይደለም። ይህን ለማየት ከፈለግህ ያንኑ ዕቃ ትንሽ አዙረህ እንደገና አንሳና ፈልግ። ሌላ ቁጥር ካመጣልህ የመጀመሪያውም ግምት ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ። ከወንጂ ነኝ። የወፍጮዬ ቺንጋ ተበጠሰና ልጄ ፎቶ አንስቶ አዳማ ላከ። የመጣው ከላይ ሲታይ አንድ ነው፤ ስፋቱም ያው ነው። ሲገጠም ግን ከፑሊው ጋር አልተስማማም፣ ርዝመቱም አጠረ። ሽማግሌ ሰው ነኝ፣ በቀላሉ አስረዳኝ።»

አባባ፣ እርስዎ ጋ የጎደለው ከላይ የማይታየው ጎን ነው። የልጅዎን ፎቶ አይቻለሁ። ቺንጋውን መሬት ላይ ጠቅልሎ አስቀምጦ ጀርባውን ነው ያነሳው። ጀርባው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነገር የሚናገር ጎን ነው።

በወፍጮ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ቢ» የሚባለው ቺንጋ ጀርባው 17 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቀቱ 11 ነው። «ኤስፒቢ» የሚባለው ደግሞ ጀርባው 16.3፣ ጥልቀቱ 13። ከላይ ሲያዩአቸው የሚለያዩት በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይደለም። ያረጀ ቺንጋ ደግሞ ጎኑ ስለሚበላ ያቺም ልዩነት ትጠፋለች። የሚለያዩት በጥልቀት ነው፤ ጥልቀቱ የሚታየው ከጎን ወይም ከተቆረጠው ጫፍ ብቻ ነው።

የእርስዎ ቺንጋ መበጠሱ ለዚህ ጠቀመ። ጫፉን በስለት ቀጥ አድርጎ ይቁረጠውና የተቆረጠውን ፊት ወደ ካሜራው አዙሮ፣ ማስመሪያ አስደግፎ ያንሳው። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ ቅርጽ ይታያል። ከላይ እስከ ታች ይለካ፤ ወደ 11 ከሆነ ቢ ነው፣ ወደ 13 ከሆነ ኤስፒቢ ነው። ያልተበጠሰ ቺንጋ ቢሆን ኖሮ በካሊፐር ጥልቀቱን መያዝ ይበቃ ነበር። ጫፉ ተቦጫጭቆ ከሆነ ከጫፉ ራቅ ያለ ደህና ቦታ ይምረጥ፤ የተቦጨቀው ጫፍ ላይ የሚገኘው ልክ ያሳስታል።

የፑሊውንም ፎቶ ይጨምርበት። ቺንጋ ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለቱ ጎኖቹ ነው እንጂ በሆዱ አይደለም። ስለዚህ የፑሊው ጉድጓድ ሥር ሲያብረቀርቅ ካዩ ቺንጋው ሥሩ ድረስ ወርዶ እየታሸ ነበር ማለት ነው። ወይ ቺንጋው ትክክለኛው አልነበረም፣ ወይ ፑሊው ተበልቷል። ያኔ አሮጌውን ቺንጋ አስመስሎ መግዛት ስህተቱን መድገም ነው።

ርዝመቱን ፎቶ ፈጽሞ አይነግርም፤ የተጠቀለለ ቺንጋ አንድ ሜትርም ሁለት ሜትርም ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ «ቢ 52» የሚል ጽሑፍ ካለ 52 የሚለው የውስጥ ዙሪያው በኢንች ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ልጅዎ የተበጠሰውን ቺንጋ ዘርግቶ ጀርባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሜትር ይለካ። ያ የውጭ ርዝመቱ ነው። ለቢ ቺንጋ የውስጡ ከውጭው በ69 ሚሊ ሜትር ያንሳል። እርስዎ በስልክ የነገሩኝ ልክ 139 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በሚሊ ሜትር 1390 ማለት ነው። ከዚያ 69 ሲቀነስ 1321 ይሆናል። ለ25.4 ሲካፈል ደግሞ 52 ኢንች። ስለዚህ ቺንጋው በጥልቀት ቢ መሆኑ ከተረጋገጠ የሚያዙት ቢ 52 ነው።

የመጣው ያጠረውም ሰውየው ከጥቅሉ ስለገመተ ነው። ወፍጮዎ ሁለት ወይም ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ይቀይሩ። አዲሱ ካረጁት ያጥራልና ሸክሙን ብቻውን ይይዛል፣ ቶሎም ይበጠሳል።

«የላፕቶፕ ቻርጀሬ ተቃጠለ። የሶኬቱን ጫፍ ፎቶ አንስቼ ልኬ የመጣው ይገባል፣ ግን ስነካው ይቆራረጣል። ቀጭኑ ጫፍ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?»

አይደለም። ውጭው አንድ ነው፣ ውስጡ ይለያያል። 5.5 ሚሊ ሜትር ውጫዊ ስፋት ያላቸው ጫፎች የውስጥ ቀዳዳቸው 2.1 ወይም 2.5 ሊሆን ይችላል። ከጎን ስታነሳው ሁለቱም አንድ ናቸው። የ2.5 ቀዳዳ ያለው ቻርጀር ባለ 2.1 ፒን ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ይገባል፣ ግን ፒኑን አጥብቆ አይዝም። ያንተ መቆራረጥ ይህን ይመስላል። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አይገባም ነበር።

ቀዳዳውን ፊት ለፊት ብታነሳው እንኳ በፎቶ 2.1ን ከ2.5 መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ ጫፉን ተወውና ሁለት ጽሑፎችን አንሳ። አንደኛው የላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ነው። ሁለተኛው የአሮጌው ቻርጀር ጀርባ ነው፤ «19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር» የመሰለ ጽሑፍና የፕላስና የማይነስ ምልክት አለው። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፒሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ። ምልክቱም መመሳሰል አለበት። አሁን የመጣውን እስክታረጋግጥ ድረስ አትሰካው፤ የሚቆራረጥ ጫፍ ይግላል።

«የፓምፕ ካፓሲተር ፎቶ ልኬ "ጽሑፉን አዙረህ አንሳ" አሉኝ። መጠኑና ቅርጹ እየታየ ጽሑፉ ምን ያደርጋል?»

ሁሉንም ነገር የሚያደርገው ጽሑፉ ነው። 20 ማይክሮፋራድና 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተመሳሳይ ነጭ ጣሳ ውስጥ ሊመጡ ይችላሉ። የአንዱ ኩባንያ 20 ከሌላው 25 ሊበልጥም ይችላል። ማይክሮፋራዱንና ቮልቱን፣ ለምሳሌ 450 የሚለውን፣ አሳይ። ጽሑፉ ተቃጥሎ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ሰሌዳ ላይም ይጻፋል፤ እሱን አንሳ። ከመንካትህ በፊት ግን ሶኬቱን ንቀልና ባለሙያ ቻርጁን ያውጣልህ፤ ከተነቀለ በኋላም ሊመታ ይችላል።

«እኔ ደግሞ ሻጭ ነኝ፣ አዳማ ውስጥ መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ቀኑን ሙሉ "ይሄ አለሽ ወይ?" የሚል ፎቶ ይጎርፍልኛል። ግማሹ ተመልሶ ይመጣል። ደንበኛ ሳላስቀይም ምን ልጠይቅ?»

የሚመለሰውን ዕቃ ከጠሉ ፎቶውን ካዩ በኋላ «አለኝ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ያዘግዩ። ደንበኛ የሚቀየመው ሲጠየቅ አይመስለኝም፤ የሚቀየመው ትራንስፖርት ከፍሎ የተሳሳተ ዕቃ ሲደርሰው ነው።

አንድ አጭር መልእክት አዘጋጅተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡና ፎቶ በመጣ ቁጥር ይላኩ። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «እናመሰግናለን። እባክዎ ሦስት ፎቶ ይላኩልን፤ ጽሑፉን በቅርበት፣ ዕቃውን ከጎን፣ ዕቃውን ከማስመሪያ ጋር ራቅ ብለው። ከየትኛው ማሽን እንደወጣም ይጻፉልን።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይተዉ። የወጣበት ማሽን ሲታወቅ ከብዙ እጩ ቁጥሮች ጥቂት ይቀራሉ፤ ያኔ ልኩ ከእነሱ አንዱን ይመርጣል።

ቴሌግራም ፎቶ ሲላክ አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያሳልፈው። ደቃቅ ቅርጽ ላይ 3 እና 8፣ 5 እና 6 የሚቀላቀሉት አንዳንዴ በዚህ ነው። ጽሑፉ ከደበዘዘብዎ ደንበኛው ያንኑ ፎቶ እንደ ፋይል አያይዞ እንዲልክ ይጠይቁት፤ ያኔ ሳይነካ ይደርስዎታል።

ደንበኛ «ቁጥሩ ጠፍቷል» ሲልዎ ደግሞ ፎቶ አይጠይቁ፤ ቁጥር ይጠይቁ። ለኩሽኔታ የውስጥ፣ የውጭና የውፍረት ልክ። 17፣ 20፣ 25 የሚባሉት ቀዳዳዎች ቢያንስ በሦስት ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ የተማሪ ማስመሪያም ይለያቸዋል። ሦስቱም ልኮች አንድ ቁጥር ላይ ከተገናኙ ይላኩ። የተነበበው ቁጥርና የተለካው ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ «6204 ይላል» ብሎ ቀዳዳው 17 ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው። ያን ጊዜ ዕቃውን መኪና ላይ አይጫኑ። ቁጥሩን በጠመኔ አጉልቶ እንደገና እንዲያነሳው፣ ቀዳዳውንም እንደገና እንዲለካው ይጠይቁት።